አንድ አር ስኩዌር፣ ሁለት መስመር፦ የአጎቴ ሱቅ ሂሳብ

በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ስለ አጎቴ ሱቅ ሂሳብ የከፈትኩት የጥያቄና መልስ ክር ስለረዘመ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች እንዲህ አስቀምጬዋለሁ። መጀመሪያ የኔ ጥያቄ፣ ከዚያ መልሶቹ በየቁጥራቸው። የሰው ቃል አልገለበጥኩም። የተባለውን በራሴ አነጋገር ነው የጻፍኩት። በመድረካችን ብዙ ሰው በአገሩ ስም ስለሚገባ እኔም በዚያው ስም ጠርቻቸዋለሁ።

መነሻው

አጎቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሸቀጣሸቀጥ ሱቅ አለው። ዘይት፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሳሙና ይሸጣል። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ አንድ ባጃጅ ሞንታርቦ ጭኖ በየሰፈሩ እየዞረ ሱቁን ያስተዋውቅለታል። ለአንድ ዙር 100 ብር ይከፍላል። አንዳንድ ሳምንት ሁለት ዙር ያዞረዋል፣ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ስምንት። ሽያጩን ማታ ማታ በደብተር ይጽፋል። እኔ በኤክስቴንሽን ማኔጅመንት እማራለሁ። ስታትስቲክስ ላይ ሪግረሽን፣ ማለትም በነጥቦች መሀል መስመር አስምሮ አንዱን ቁጥር ከሌላው መገመት፣ ስንጀምር ደብተሩን ተዋስኩትና የስድስት ሳምንት ቁጥር አወጣሁ።

| ሳምንት | ማስታወቂያ (በመቶ ብር) | ሽያጭ (በሺህ ብር) |
|---|---|---|
| 1 | 2 | 16 |
| 2 | 3 | 17 |
| 3 | 5 | 21 |
| 4 | 6 | 20 |
| 5 | 8 | 26 |
| 6 | 6 | 20 |

የማስታወቂያው አማካይ 5 ነው፣ የሽያጩ 20። ከዚያ እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ ጻፍኩ። የማስታወቂያውን ርቀትና የሽያጩን ርቀት ሳምንት በሳምንት አባዝቼ ስደምር 36 መጣ። የሽያጩ ርቀቶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ 62 ነው፣ 36ን ለእሱ አካፈልኩት። ስሎፕ፣ ማለትም የመስመሩ ዳገት፣ 0.58 ሆነልኝ፤ ኢንተርሴፕት፣ ማለትም ማስታወቂያው ዜሮ ሲሆን መስመሩ የሚነሳበት ቁጥር፣ 17.1። አብራኝ የምትማር ልጅ ግን ከዚሁ ሰንጠረዥ ስሎፕ 1.5፣ ኢንተርሴፕት 12.5 አወጣች።

ግራ ያጋባኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። መስመሩ ነጥቦቹን ምን ያህል እንደሚከተል ከ0 እስከ 1 የሚለካውን አር ስኩዌር ስናሰላ ሁለታችንም 0.87 አገኘን። ሁለቱም መስመሮች ደግሞ ልክ በአማካዩ ነጥብ ላይ ያልፋሉ። አር ስኩዌሩ አንድ ሆኖ መስመሩ እንዴት ሁለት ይሆናል? አጎቴ ባጃጁን ልቀጥል ወይስ ላቁመው እያለ መልስ ይጠብቃል።

መልስ 1 የሳሲት ነበር። አጭር ናት። ጓደኛዬ ልክ እንደሆነች፣ እኔ ማካፈል የነበረብኝ በማስታወቂያው ርቀቶች ካሬ ድምር እንደነበረ፣ በሽያጩ እንዳካፈልኩ ነገረችኝና ደህና እደሪ ብላ ወጣች። ለምን የሚለውን አልነካችውም።

መልስ 2 የቀይት ነው። እሱ የተረጋጋ ሰው ይመስላል። ትክክለኛ መስመር ሁልጊዜ በአማካዩ ነጥብ ያልፋል፣ የሁለታችሁም ስላለፈ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ልዩነቱ ቁጥር ስታጠጋጉ የመጣ ይሆናል አለ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። በዚያው ምክንያት እኔም ለአንድ ቀን ያህል አምኜው ነበር።

መልስ 3 ላይ ጋሼ መሀል ሜዳ ገቡ። ለብዙ ዓመት ሂሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አጻጻፋቸውም እንደ ሰሌዳ ነው፣ አንድ መስመር ይጽፉና ይጠብቁሻል። ከሁሉ በፊት ሥራውን እንደገና በእጅ አሠሩኝ። የማስታወቂያው ርቀቶች −3፣ −2፣ 0፣ 1፣ 3፣ 1 ናቸው። እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ሲደመር 24 ይሆናል። የሽያጩ ርቀቶች −4፣ −3፣ 1፣ 0፣ 6፣ 0 ናቸው። የእነሱ ካሬ ድምር 62 ነው። የሁለቱ ብዜት ድምር ያው ያገኘሁት 36 ነው።

ቀጥለው በሂሳብ ወረቀት ላይ ስድስቱን ነጥቦች እንዳስቀምጥ አዘዙኝ። ማስታወቂያው በአግድም፣ ሽያጩ ወደ ላይ። ሽያጭን ከማስታወቂያ ልገምት ካልኩ የምሳሳተው በሽያጩ ነው። ስለዚህ ስህተቱ ከነጥቡ እስከ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይለካል። ያንን ስህተት ትንሹ የሚያደርገው 36 ለ24 ሲካፈል የሚመጣው 1.5 ነው። 36ን ለ62 ሳካፍል ግን ሳላውቀው ሌላ ጥያቄ መልሻለሁ። ሽያጩን አይቶ ማስታወቂያው ስንት እንደነበር መገመት ሆነብኝ፤ ስህተቱም በአግድም ተለካ። 0.58 ራሱ የውሸት ቁጥር አይደለም። ሽያጩ በአንድ ሺህ ብር ከፍ ያለበት ሳምንት ማስታወቂያው በአማካይ በ58 ብር ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው። ጥፋቱ ይህን ቁጥር ወስጄ የሽያጭ መገመቻ መስመር ውስጥ መክተቴ ነው። 17.1 የሚለው ኢንተርሴፕት ከዚያ ድብልቅ ነው የተወለደው።

የአማካዩ ነጥብ ፈተና ለምን እንዳልያዘኝም አሳዩኝ። ኢንተርሴፕቱን የምናወጣው ከሽያጩ አማካይ ላይ ስሎፕ በማስታወቂያው አማካይ የተባዛውን ቀንሰን ነው። ስለዚህ ስሎፑ ምንም ይሁን ምን መስመሩ በአማካዩ ነጥብ እንዲያልፍ አስቀድመን አስረነዋል። ስሎፕ 100 ብለን ብንነሳም ያልፋል። የሚይዘው ፈተና ሌላ ነው። የእያንዳንዱ ሳምንት ስህተት በዚያ ሳምንት የማስታወቂያ ርቀት ይባዛና ይደመራል። ልክ ከሆነ ዜሮ ይመጣል። የጓደኛዬ ስህተቶች 0.5፣ 0፣ 1፣ −1.5፣ 1.5፣ −1.5 ናቸው። በርቀቶቹ ሳባዛቸው −1.5፣ 0፣ 0፣ −1.5፣ 4.5፣ −1.5፤ ድምራቸው ዜሮ ነው። የኔ 22 ገደማ መጣ። የስህተቶቹ ካሬ ድምርም በእሷ መስመር 8 ሲሆን በኔ 28 አለፈ።

መጨረሻ ላይ የጻፉትን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ሁለቱን ስሎፖች አባዢያቸው አሉ። 1.5 በ0.58፣ 0.87። አር ስኩዌር ማለት የሁለቱ ስሎፖች ብዜት ነው። ለዚህ ነው ከየትኛውም ወገን ብንነሳ አንድ የሚሆነው። ሁለቱ መገመቻዎች በትክክል በአንድ ወረቀት ላይ ሲሰመሩ ግን የሚገጥሙት አር ስኩዌር 1 ሲሆን ብቻ ነው። ሁሉም ነጥብ መስመሩ ላይ ሲተኛ።

መልስ 4 የባለሞንታርቦው ነው። ጥያቄውን ማስታወቂያ የሚሠራ ባጃጅ ፈላጊ አለ ብሎ አነበበው። በቅንነት ዋጋውን ነገረን፣ የድምፅ ጥራቱን አወራን፣ የበዓል ሰሞን ግን ባለሱቁ ሁሉ ስለሚሻማ ቀድማችሁ ያዙ ብሎ አስጠነቀቀ። ሁለት ሰው ይህ የሂሳብ ክር ነው ብሎ መለሰው። እኔም አልፌው ነበር። ስለ በዓል ያለው ነገር ግን ኋላ ላይ የክሩ ዋና ጉዳይ ሆነ።

መልስ 5 ቀይት ተመለሰ። 1.5ን ከተቀበልን እንግዲህ አንድ ብር ማስታወቂያ አንድ ብር ከሃምሳ ያመጣል፣ ሃምሳ ሳንቲም ትርፍ ነው አለ። አር ስኩዌር 0.87 ስለሆነም ከሽያጩ 87 በመቶው ከማስታወቂያ የመጣ ነው፣ ባጃጁ ከቆመ ሱቁ ይዘጋል አለ።

መልስ 6 ሳሲት እዚህ ላይ ትዕግስቷ አለቀ። ሰንጠረዡን ሳያነብ መፍረድ ምን ይባላል ብላ ጀመረች። ማስታወቂያው በመቶ ብር ነው፣ ሽያጩ በሺህ ብር። ስለዚህ 1.5 ማለት 100 ብር ሲጨመር ሽያጩ በ1,500 ብር ከፍ ይላል ማለት ነው። ለአንድ ብር 15 ብር። ያም ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም፣ ዘይቱን ያመጣው ነጋዴ ገንዘቡን ይፈልጋል አለች። ቃሏ ጠንከር ያለ ነበር፣ ነገሩ ግን ልክ ነው። ቀይት ስድብ አያስፈልግም ብሎ መለሰ። እሷም ስድብ አልወጣኝም አለች። ይኼ 7 እና 8 ነው።

መልስ 9 ጋሼ የ87 በመቶውን ነገር ያዙት። መንገዳቸው እንዲህ ነበር። አንድ ሰው ስለ ማስታወቂያው ምንም ሳያውቅ የየሳምንቱን ሽያጭ ገምት ቢባል ሁልጊዜ 20 ሺህ ቢል ይሻለዋል። የሚሳሳተው ስህተት ካሬ ድምር 62 ነው። ማስታወቂያውን አይቶ በመስመሩ ቢገምት ስህተቱ 8 ይሆናል። 62 ወደ 8 ወረደ። የተቀነሰው 54 የ62 ምን ያህሉ ነው ብትሉ 0.87 ነው። አር ስኩዌር የሚናገረው ሽያጩ ከሳምንት ሳምንት ከፍና ዝቅ ስለሚልበት ነገር ነው። ስለ ጠቅላላው ሽያጭ አይናገርም። እንዲያውም መስመሩን እንዳለ ብናምነው ከአማካዩ 20 ሺህ ውስጥ 12,500ው ኢንተርሴፕቱ ነው። ባጃጁ ባይዞርም ይሸጣል የሚባለው ያ ነው።

እዚያው ላይ ግን ራሳቸው አስጠነቀቁ። ኢንተርሴፕቱን እንደ እውነት አትያዙት አሉ። በሰንጠረዡ ውስጥ ዜሮ ዙር የሆነ ሳምንት የለም። ትንሹ 2 ነው። ከዚያ ወደ ዜሮ የሚወርደው መስመር ማንም ያላየው መንገድ ነው።

ይህን ለአጎቴ ሳነብለት ባጃጁ ተበላሽቶ የቆመበት አንድ ሳምንት ትዝ አለው። ከኅዳር በፊት፣ ለሙከራ በጀመረበት ጊዜ። ወደ 14 ሺህ ሳልሸጥ አልቀርም አለኝ። በደብተር አልተጻፈም። እኔም እንደተባለው በክሩ ላይ ጻፍኩት፤ እሱ መልስ 10 ነው።

መልስ 11 የሸዋሮቢት ናት፣ ልብስ ነጋዴ። ከራሷ ሕይወት አመጣች። እሷ ሞንታርቦ የምታስዞረው ገበያው ሲቀዘቅዝባት ብቻ ነበር። ማሾና ሽንኩርት ተሸጦ ገበሬው እጅ ላይ ብር ሲኖር ማስታወቂያ ምን ያደርግልኛል ትላለች። የእህቷ ልጅ አንድ ቀን ቁጥሩን ሰብስቦ ሲያሰላው ስሎፑ ኔጋቲቭ ወጣ። ማስታወቂያ በጨመረ ቁጥር ሽያጭ ቀነሰ። ልጁ ማስታወቂያው ሰው እያባረረብሽ ነው አላት። አመነችው፣ አቆመች። በቀዘቀዘው ወር ላይ ያለ ማስታወቂያ ስትሆን ገበያው ይብሱን ወደቀባት። ሂሳቡ አልተሳሳተም፣ እኔ ነኝ ማስታወቂያውን ከገበያው ተከትዬ የማወጣው ብላ ጨረሰች። ለኔ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው መልስ ይኼ ነው። በዚያን ሰዓት ግን ከኛ ሱቅ ጋር እንደሚገናኝ አልታየኝም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ትንሽ ሸሸ። መልስ 12 ላይ ጣርማበር፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ስሎፕ የምትሉት ዳገት ከሆነ እኔን ጠይቁኝ አለ። ከሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማበርን አልፎ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ ላይ ሲደርስ ጃኬት እንደሚደርብ ነገረን። ሙቀትና ከፍታን በሁለቱ ከተሞች ቁጥር አስልቼ አር ስኩዌር 1 አገኘሁ፣ ከናንተ ይበልጣል አለ። መልስ 13 ላይ ሳሲት፣ አሁን ለስለስ ብላ፣ ሁለት ነጥብ ብቻ ካለ መስመሩ ሁልጊዜ ሁለቱን እንደሚነካ፣ ስለዚህ 1 የማይሆንበት መንገድ እንደሌለ አስረዳችው። የሙቀትና የሽንኩርት ዋጋም ቢሆን 1 ይሆናል አለችው። ጣርማበር አመሰገነ። ደብረ ሲናን ሦስተኛ ነጥብ አድርጎ እንደሚመለስ ቃል ገባ። እስካሁን አልተመለሰም።

መልስ 14 አንድ ስሙን ያልጻፈ ልጅ በዚህ ዘመን በእጅ ማስላት ምን ያደርጋል፣ ካሲዮ ካልኩሌተር በደቂቃ ያወጣዋል አለ። 15 ላይ ጋሼ አልተቃወሙትም። ግን በካልኩሌተሩ STAT ውስጥ የሚመጣው `A+BX` ነው አሉ። እዚያ A ኢንተርሴፕቱ ነው፣ B ስሎፑ። ተማሪ ደግሞ ከትምህርት ቤት `y = ax + b` ብሎ ስለለመደ A የሚለውን አይቶ ስሎፕ 12.5 ብሎ ይጽፋል። ስንት ፈተና ላይ እንዳዩት ነገሩን። በእጅ የሠራ ሰው ስሎፕ 12.5 ሊሆን እንደማይችል ወዲያው ያያል። ማስታወቂያው ከ2 ወደ 8 ሲሄድ ሽያጩ የጨመረው 10 ብቻ ነውና።

መልስ 16 የሞላሌ ነው። ሞላሌ የመንዝ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ በግ ነጋዴዎች ናቸው። ጥያቄው አንድ ነበር። ከኅዳር መጨረሻ ከተቆጠረ አምስተኛው ሳምንት የገና ሳምንት አይደለም ወይ?

ደብተሩን ገለጥኩ። ታኅሣሥ 29 በዚያ ሳምንት ነው። አጎቴ ስምንት ዙር ያስዞረውም በዓል ነው ብሎ ነው። ሰው ዘይትና ዱቄት የገዛውም በዓል ስለሆነ ነው። ገና ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ከፍ አድርጓቸዋል። የሸዋሮቢት ነጋዴ ታሪክ ተገልብጦ እኛ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። 17 ላይ ይህን አምኜ ጻፍኩና ሳምንቱን አውጥቼ በአምስቱ አሰላሁት።

የማስታወቂያው አማካይ 4.4፣ የሽያጩ 18.8 ሆነ። የማስታወቂያው ካሬ ድምር 13.2 ነው፤ የብዜቱ ድምር 14.4። ስሎፑ ከ1.5 ወደ 1.09 ወረደ። ኢንተርሴፕቱ 14 ሆነ። አጎቴ ባጃጁ በተበላሸ ጊዜ ሸጥኩ ካለው ጋር ገጠመ፣ ግን እሱ የትዝታ ቁጥር ስለሆነ ማስረጃ አላደርገውም። አር ስኩዌሩ 0.84። አስተውሉ፣ አር ስኩዌር ከ0.87 ወደ 0.84 ነው የወረደው። ያን ብቻ ያየ ሰው ምንም አልተለወጠም ይላል። ስሎፑ ግን ከሩብ በላይ ቀንሷል።

መልስ 18 ቀይት በጣም ተቆጣ። ደስ ያላለንን ሳምንት እያወጣን ከጣልን ሂሳብ መባሉ ቀርቶ ማጭበርበር ነው አለ። ገናም ሽያጭ ነው፣ ብሩ ኪስ ገብቷል። 19 ላይ ሞላሌ መለሰለት፣ እሱም አልለዘበም። የበዓል ሳምንት የበግ ዋጋ አይቶ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ እሸጣለሁ ያለ ነጋዴ በየካቲት ያለቅሳል አለው። 20፣ 21 እና 22 የቃላት ጦርነት ስለነበሩ አልደግማቸውም። ቀይት በአንድ ነገር እውነት አለው ብዬ ግን አምናለሁ። ሳምንቱን ያወጣሁት ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ነው። ከመቁጠሬ በፊት የበዓል ሳምንት አልቆጥርም ብዬ ቢሆን ኖሮ ማንም አይከሰኝም ነበር።

መልስ 23 ጋሼ ሁለቱንም አላዳሉም። ሁለቱንም ስሌት ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ለምን እንደተለያዩም ጻፊ አሉ። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁ። አጎትሽ ከ100 ብር ሽያጭ ስንት ይተርፈዋል?

ጠየቅኩት። ስምንት ብር ገደማ አለ። ሸቀጣሸቀጥ እንዲህ ነው፣ ትርፉ ቀጭን ነው።

እንግዲህ 100 ብር የወጣበት ዙር ራሱን እንዲችል ሽያጩን በ1,250 ብር ከፍ ማድረግ አለበት። በሰንጠረዡ መለኪያ ስሎፑ 1.25 መሆን አለበት ማለት ነው። በስድስቱ ሳምንት ስሌት 1,500 ብር ይሸጣል፣ 120 ብር ይተርፋል፣ ባጃጁ ተከፍሎ 20 ብር ይቀራል። በአምስቱ ስሌት 1,090 ብር ይሸጣል፣ 87 ብር ይተርፋል፣ 13 ብር ኪሳራ ነው። አንድ ሳምንት ገባች ወጣች ብለን የተጣላነው ቀጥሉና አቁሙ በሚል መልስ መካከል ነበር ለካ።

ጋሼ አንድ እርምጃ ጨመሩ። ገናን ሳናወጣ እንኳ በስድስት ሳምንት ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ይቻላል? የስህተቶቹን ካሬ ድምር 8ን ለ4 አካፈሉ። 4 ያሉት ከስድስቱ ሁለት ቀንሰው ነው፣ ስሎፑንና ኢንተርሴፕቱን ከራሱ ከሰንጠረዡ ስላወጣን። 2 መጣ። 2ን ለ24 አካፍለው ስር ሲያወጡለት 0.29 ሆነ። ከቲ ሰንጠረዥ ላይ ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚሆነው 2.776 ነው። ሲባዛ 0.80። ስለዚህ እውነተኛው ስሎፕ ከ0.70 እስከ 2.30 የትም ሊሆን ይችላል። 1.25 በሁለቱ መካከል ይወድቃል። አር ስኩዌር 0.87 ሆኖም ባጃጁ ያዋጣል አያዋጣም ለማለት ይህ ሰንጠረዥ አይበቃም። ቀይትም እዚህ ላይ ዝም አለ። ስለ ገና ያለውን ግን መልሶ አልወሰደም።

መልስ 24 ላይ ሳሲት እንዴት እንደሚበቃ ሐሳብ አቀረበች። አጎቴ ገበያውን አይቶ ዙር መወሰኑን ይተው። ለሚቀጥሉት ስምንት ሳምንታት ወረቀት ቆርጦ አራቱ ላይ 0፣ አራቱ ላይ 8 ይጻፍና በየሰኞው ዕጣ ያውጣ። ማስታወቂያው ከገበያው ጋር እንዳይገጣጠም ዕጣው ይለያቸዋል። ሁለተኛም ነጥቦቹ ከአማካዩ ሲርቁ ስሎፑ ይጠራል። አማካዩ 4፣ የእያንዳንዱ ርቀት 4፣ ካሬው 16፣ ስምንት ጊዜ 128። በ24 ፋንታ 128። ስህተቱ እንደ አሁኑ ከሆነ 0.80 የነበረው ስፋት ወደ 0.31 ይጠባል።

መልስ 25 የባለሞንታርቦው ነበር። ተመልሶ መጣ፣ አሁን ነገሩ ገብቶታል። በአንድ ሳምንት ስምንት ዙር ሲሆን ሰው ይሰለቻል፣ ልጆች ድንጋይ ይወረውራሉ አለ። እሱ እንደሚያየው የሚሠራው ሦስትና አራት ዙር ነው። ከዚያ በላይ ብር ማባከን ነው። 26 ላይ ጋሼ ተቀበሉት። በ0 እና በ8 ብቻ ከተለካ በመሀል መስመሩ ይጉበጥ አይጉበጥ አይታይም፣ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነጥብ ነው የሚኖረንና። መሀል ላይ 4 የሚሉ ወረቀቶችም ይግቡ አሉ። ሳሲት ያኔ 128ቱ ይወርዳል ብላ ተከራከረች። የትኛው ይሻላል በሚለው አልተስማሙም። ሞላሌ ደግሞ 27 ላይ ስምንቱ ሳምንት ዐቢይ ጾም ውስጥ እንደሚገባ፣ ያኔ የዘይት ሽያጭ በራሱ ጊዜ እንደሚለወጥ አስታወሰን። ዕጣው ጾሙን ለሁለቱም ወገን ያካፍለዋል ያሉ አሉ፣ በስምንት ሳምንት አያካፍልም ያሉም አሉ።

አጎቴ ሁሉንም አነበብኩለት። የልጆቹን ድንጋይ ነገር ሲሰማ ሳቀ። ሦስት ባለ 0፣ ሦስት ባለ 8፣ ሁለት ባለ 4 ወረቀት ቆርጦ በባዶ የቡና ጣሳ ውስጥ ከተተ። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት አንዱን አወጣ። 0 ነው። ባጃጁን ደውሎ አስቀረው። ደብተሩ ላይ ከሽያጩ ጎን አዲስ ዓምድ አስምሯል፣ በዓልና ጾም የሚጻፍበት።